ክሪስታል ቫዮሌት በአንዱ ባክቴሪያ ለምን ይቀራል፣ ከሌላው ለምን ይታጠባል? የአልኮሉን ደረጃ ሳይሳሳቱ ለመሥራት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ባክቴሪያዎችን በሐምራዊና በሮዝ ቀለም ለሁለት የሚለየው የግራም ማቅለም ሥራ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይፈጅም፤ ሆኖም ብዙዎች ደጋግመው ይሳሳቱበታል። ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው አልኮሉ ስላይዱ ላይ በሚፈስባቸው ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። አንዱ ቶሎ ያቆምና ሁሉም ባክቴሪያ ሐምራዊ ሆኖ ይቀርበታል፤ ሌላው ያበዛና ሁሉም ሮዝ ይሆንበታል። ሁለቱም የደረጃዎቹን ቅደም ተከተል በቃላቸው ይዘውታል። ያልያዙት አልኮሉ በእነዚያ ሰከንዶች የባክቴሪያውን ግድግዳ ምን እያደረገው እንደሆነ ነው። ስለዚህ ከታች እያንዳንዱን ደረጃ ከምክንያቱ ጋር አስቀምጫለሁ፤ ምክንያቱን የያዘ ሰው ሰዓት ባይኖረው እንኳ መቼ ማቆም እንዳለበት ያውቃል።

በቅድሚያ ይህን አስተካክሉ፦ ግድግዳው ቀለሙን የሚያግድ በር ነው

መጨረሻ ላይ ሐምራዊ ሆኖ የሚቀረው ባክቴሪያ ግራም ፖዘቲቭ፣ ሮዝ የሚሆነው ግራም ኔጋቲቭ ይባላል። ብዙ ተማሪዎች «ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ ወፍራም ግድግዳ ስላለው ብዙ ቀለም ይጠጣል» ብለው ያስባሉ። ይህ አስተሳሰብ በኋላ ለሚመጡት ስህተቶች ሁሉ መነሻ ነው። ሐምራዊው ቀለም ክሪስታል ቫዮሌት ሁለቱንም ዓይነት ባክቴሪያ እኩል ያቀልማል። አልኮል ከማፍሰሳችሁ በፊት በማይክሮስኮፕ ብታዩ ሁለቱም ጥቁር ሐምራዊ ናቸው፤ ልትለዩአቸው አትችሉም። ልዩነቱ የሚታየው ቀለሙ በሚወጣበት ጊዜ ነው።

የሚወጣበት መንገድ ፔፕቲዶግላይካን በተባለው የግድግዳ መረብ ውስጥ ያልፋል። መረቡ የተሠራው ከረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ሲሆን ሰንሰለቶቹን አጫጭር የአሚኖ አሲድ ድልድዮች እርስ በርስ ያያይዟቸዋል። በግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ ይህ መረብ ተደራርቦ ከ20 እስከ 80 ናኖሜትር ይወፍራል። በግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ ግን ከ2 እስከ 7 ናኖሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ስስ ንብርብር ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ ስብ የበዛበት የውጭ ሽፋን ይደረብበታል።

አልኮል ሲመጣ ሁለት ነገሮች ይሆናሉ። በወፍራሙ መረብ ውስጥ ያለውን ውኃ ይመጥጠዋል፤ በውኃ ተወጥረው የነበሩት ንብርብሮች ይኮማተራሉ፣ ቀዳዳዎቹም ይጠባሉ። ቀለሙ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። በስሱ ግድግዳ በኩል ግን አልኮሉ የውጭ ሽፋኑን ስብ ያሟሟል፤ ከሥሩ ያለው መረብም ቢኮማተር እንኳ ጥልቀት ስለሌለው የሚያግደው ጥቂት ነው። ቀለሙ ይፈስሳል።

መረቡ በር መሆኑን የሚያሳይ ቀላል ማስረጃ አለ። የግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያን ግድግዳ ላይሶዛይም በተባለው ኢንዛይም ገፍፋችሁ ራቁቱን የቀረውን ሕዋስ ብታቀልሙት፣ አልኮሉ ቀለሙን ያስለቅቀዋል። የውስጡ ይዘት ያው ነው፤ የጠፋው በሩ ብቻ ነው።

ዝግጅት

የሚያስፈልጓችሁ፦ ክሪስታል ቫዮሌት፣ የግራም አዮዲን፣ 95 በመቶ ኢታኖል፣ ሳፍራኒን የተባለው ሮዝ ቀለም፣ ውኃ፣ ንጹሕ ስላይድ፣ ባክቴሪያ ማንሻ ሉፕ፣ ነበልባል፣ መምጠጫ ወረቀት፣ የኢመርሽን ዘይትና 100 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ያለው ማይክሮስኮፕ ናቸው። ጓንት አድርጉ፤ ክሪስታል ቫዮሌት ቆዳንም ልብስንም ያበላሻል። የአልኮሉን ጠርሙስ ከነበልባሉ አርቁ፤ ስላይዱን በሙቀት አጣብቃችሁ ስትጨርሱ ነበልባሉን አጥፉና ከዚያ በኋላ ብቻ አልኮሉን ክፈቱ።

ሦስት ነገሮችን ሳታረጋግጡ አትጀምሩ።

የባክቴሪያው ዕድሜ። ከ18 እስከ 24 ሰዓት ያደገ ባህል፣ ማለትም በላቦራቶሪ የተራባ ባክቴሪያ፣ ተጠቀሙ። ያረጀ ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ ግድግዳው ይሳሳል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ ትክክለኛ አሠራር እንኳ ሮዝ ያወጣዋል። ግድግዳ እንዳይሠራ የሚከለክሉ እንደ ፔኒሲሊን ያሉ መድኃኒቶች ያገኙት ባክቴሪያም እንዲሁ ነው።

አዮዲኑ። የግራም አዮዲን የሚዘጋጀው 1 ግራም አዮዲንና 2 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በ300 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ በማሟሟት ነው። ጠርሙሱ ሲቆይ፣ በተለይም በደንብ ካልተከደነ፣ አዮዲኑ እየተነነ ቀለሙ ይገረጣል። ደማቅ ቡናማነቱ ጠፍቶ የደበዘዘ ቢጫ ከሆነ አስወግዱት።

የምታውቋቸው ሁለት ባክቴሪያዎች። በእያንዳንዱ ዙር ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን፣ እርሱም ግራም ፖዘቲቭና ክብ የሆነውን፣ ከኢሺሪሺያ ኮላይ፣ ማለትም ግራም ኔጋቲቭና ዘንግ ቅርጽ ካለው ጋር፣ ከማይታወቀው ናሙናችሁ ጎን አቅልሙ። ቅርጻቸው ስለሚለያይ አንድ ጠብታ ውስጥ ቀላቅላችሁ ብታቀልሙ ይበልጥ ይጠቅማል፤ አንድ ዓይነት አልኮል ለአንድ ዓይነት ጊዜ ሁለቱን ሲነካ ታያላችሁ።

ደረጃ 1፦ ስሚሩን ስስ አድርጉት

አንድ ትንሽ ጠብታ ውኃ ስላይዱ ላይ አኑሩ። የሉፑን ጫፍ በባህሉ ላይ የበቀለውን የባክቴሪያ ኮሎኒ ብቻ አስነኩት፤ ለዓይን በግልጽ የሚታይ ክምር ካነሳችሁ በዝቷል። በጠብታው ውስጥ እያዞራችሁ የአንድ ሳንቲም ያህል ስፋት እስኪኖረው ዘርጉት፤ ስሚር የምንለው ይህን ነው። ሲደርቅ በብርሃን ፊት ብቻ የሚታይ ነጭ ጭጋግ ቢጤ መሆን አለበት። ከስላይዱ ሥር የታተመ ጽሑፍ ብታኖሩ ፊደሉ ያለ ችግር መነበብ ይኖርበታል።

በዚህ ደረጃ ላይ የማተኩረው ያለ ምክንያት አይደለም። ወፍራም ስሚር ውስጥ ሕዋሶቹ ተደራርበው ይቀመጣሉ። አልኮሉ የላይኞቹን ቀለም ሲያስለቅቅ የታችኞቹን ገና አልነካም። ቀለም መውጣቱን ስለማያቆም እናንተ ማፍሰሳችሁን ትቀጥላላችሁ፤ በዚህ መካከል በስሱ ጠርዝ ላይ ያሉት ግራም ፖዘቲቮች ከሚገባው በላይ ይታጠባሉ። በአንድ ስላይድ ላይ መካከሉ በሐሰት ሐምራዊ፣ ጠርዙ በሐሰት ሮዝ ይሆናል። በሌሎቹ ደረጃዎች ምንም ያህል ብትጠነቀቁ ይህን ማስተካከል አትችሉም።

ደረጃ 2፦ አድርቁና በሙቀት አጣብቁ

ስሚሩ በአየር ብቻ ይድረቅ። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ስላይዱን፣ ስሚሩ ወደ ላይ ሆኖ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በነበልባሉ ውስጥ በፍጥነት አሳልፉት። የእጃችሁን ጀርባ ስታስነኩት ሞቅ ማለት እንጂ ማቃጠል የለበትም። እርጥብ ስሚር ካሞቃችሁ ወይም ነበልባሉ ላይ ካቆያችሁት ግድግዳዎቹ ይፈነዳሉ፤ የፈነዳ ግድግዳ ደግሞ ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን ቀለም አያግድም።

ደረጃ 3፦ ክሪስታል ቫዮሌት፣ 1 ደቂቃ

ስሚሩን ሙሉ በሙሉ ሸፍኑና 1 ደቂቃ ጠብቁ። በቀስታ በሚፈስ ውኃ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ አለቅልቁ። በዚህ ሰዓት ቀለሙ ገና አልተቆለፈም፤ ትንንሽ ቅንጣቶቹ በቀላሉ ተመልሰው ሊወጡ ይችላሉ። ረጅም ጊዜ ካለቀለቃችሁ ከግራም ፖዘቲቩም ቀለም ትሰርቃላችሁ።

ደረጃ 4፦ አዮዲን፣ 1 ደቂቃ

በስላይዱ ላይ የቀረውን ውኃ አዘንብላችሁ አንጠፍጥፉ፤ ከዚያ በአዮዲን ሸፍኑትና 1 ደቂቃ ጠብቁ። አዮዲኑ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ከክሪስታል ቫዮሌት ጋር ይጣመራል፤ የሚፈጠረው ጥምረት ከቀለሙ ብቻ ይልቅ ትልቅ ነው፣ በውኃም አይሟሟም። በመረቡ ቀዳዳ በቀላሉ ያልፍ የነበረው ነገር አሁን ለመውጣት ይቸገራል። በአልኮል ግን ይሟሟል፤ የሚቀጥለው ደረጃ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

አዮዲን ከዘለላችሁ ወይም የተዳከመ አዮዲን ከተጠቀማችሁ ቀለሙ ትንሽ እንደሆነ ስለሚቀር የጠበበው ቀዳዳ እንኳ አያቆመውም። ግራም ፖዘቲቩ ሮዝ ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን የአልኮሉ አይደለም።

ከአዮዲኑ በኋላ በውኃ አለቅልቁ። የቀረውን ውኃ በደንብ አንጠፍጥፉ። ስላይዱ ላይ ውኃ ከተኛ አልኮሉ ይቀጥናል፤ የቀጠነ አልኮል መረቡን በደንብ አያደርቀውም፣ የጊዜ ግምታችሁንም ያዛባዋል።

ደረጃ 5፦ አልኮሉ

ስላይዱን በመቆንጠጫ ይዛችሁ ወደ አንድ ጎን አዘንብሉት። ከሥሩ ነጭ ነገር፣ ለምሳሌ ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ሳህን፣ ይኑር። 95 በመቶውን ኢታኖል ከስሚሩ በላይ ካለው የስላይዱ ክፍል ጀምራችሁ ጠብታ በጠብታ አፍስሱ፤ በቀጥታ ስሚሩ ላይ አታፍስሱ።

አሁን ዓይናችሁን ከታችኛው ጠርዝ ላይ አትንቀሉ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጥቁር ሐምራዊ ሆነው ይወርዳሉ። ወዲያው ቀለሙ እንደ ክር እየቀጠነ ይሄዳል፣ በነጩ ላይ የደበዘዘ ሰማያዊ ጥላ ብቻ ይቀራል። ከዚያም አንድ ጠብታ ሊጠፋ የደረሰ ቀለም ይዞ ይወርዳል፤ የሚከተለው ጥርት ያለ ነው። በዚያች ቅጽበት አቁሙና ወዲያውኑ በውኃ አለቅልቁ። ስስ ስሚር ላይ ይህ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ይፈጃል።

ማለቅለቁን አታዘግዩ። ጠብታ ማፍሰስ ብታቆሙም ስላይዱ ላይ ያለው አልኮል ሥራውን አላቆመም፤ የሚያስቆመው ውኃው ነው።

አሴቶን ወይም የአሴቶንና የአልኮል ድብልቅ ከተጠቀማችሁ ጊዜውን አሳጥሩት። ንጹሕ አሴቶን ከ1 እስከ 3 ሰከንድ ይበቃዋል። ለጀማሪ ኢታኖልን ብቻ እመክራለሁ፤ ዘገምተኛ ስለሆነ ለማየት ጊዜ ይሰጣል።

ደረጃ 6፦ ሳፍራኒን፣ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ

በሳፍራኒን ሸፍኑ፣ ጠብቁ፣ አለቅልቁ፣ በመምጠጫ ወረቀት ሳትፈትጉ ተጭናችሁ አድርቁ። ሳፍራኒን ሁለቱንም ያቀልማል፤ በሐምራዊው ላይ ግን አይታይም። ቀለሙ የወጣበት ሕዋስ ብቻ ሮዝ ሆኖ ይታያል። በኢመርሽን ዘይት በ100 እጥፍ ሌንስ እዩ፤ ሕዋሶቹ እርስ በርስ ያልተደራረቡበትን ስፍራ ምረጡ።

አንድ ሙከራ በሦስት ስላይድ

አልኮሉ ላይ የሚሳሳት ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን አሠራዋለሁ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስንና ኢሺሪሺያ ኮላይን በአንድ ጠብታ ቀላቅሎ ሦስት እኩል ስስ ስሚሮች ይሠራል። እስከ አዮዲኑ ድረስ ሦስቱም አንድ ናቸው። አልኮሉን ግን የመጀመሪያውን 2 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን ጥርት እስኪል፣ ማለትም 10 ሰከንድ ገደማ፣ ሦስተኛውን 2 ደቂቃ ያፈስበታል። ከዚያ ሦስቱም ሳፍራኒን ይቀበላሉ።

በመጀመሪያው ስላይድ እንደ ወይን ዘለላ የተሰበሰቡት ክቦችም፣ ዘንጎቹም ሐምራዊ ናቸው። የዘንጎቹ የውጭ ሽፋን ገና በበቂ ሁኔታ አልፈረሰም፤ ቀለሙ የመውጫ ጊዜ አላገኘም። አንዳንዶቹ ዘንጎች መሀል ላይ ሐምራዊ፣ ጫፋቸው የደበዘዘ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፤ ሲወጣ በመንገድ ላይ የተያዘ ቀለም ነው።

በሁለተኛው ስላይድ ክቦቹ ሐምራዊ፣ ዘንጎቹ ሮዝ ናቸው። በሁለቱ መካከል ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለም።

ሦስተኛው ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ዘንጎቹ ሮዝ ናቸው፤ ክቦቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። በአንዱ ዘለላ ውስጥ ጥቁር ሐምራዊ፣ የገረጣ ሐምራዊና ሮዝ የሆኑ ክቦች ጎን ለጎን ይገኛሉ። አልኮሉን ይበልጥ ብታቆዩት የሮዞቹ ቁጥር ይጨምራል። እዚህ ላይ ሰው ዓይኑ ይገለጣል፦ ወፍራም ፔፕቲዶግላይካን ቀለሙን ለዘለዓለም አይዘጋበትም፤ መውጣቱን በእጅጉ ያዘገየዋል እንጂ። ግራም ፖዘቲቭና ግራም ኔጋቲቭ የምንላቸው የሚለዩት በፍጥነት ነው። ሥራችሁ ፈጣኑ ጨርሶ ወጥቶ፣ ዘገምተኛው ገና ሳይጀምር ባለው ክፍተት ውስጥ ማቆም ነው። ደግነቱ ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ ስሚሩን ካላወፈራችሁት በቀር።

ውጤቱ ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

ሁልጊዜ መጀመሪያ የምታውቋቸውን ሁለት ባክቴሪያዎች እዩ፤ የማይታወቀው ናሙና ስለ አሠራራችሁ ምንም ሊነግራችሁ አይችልም።

*ሁለቱም ሐምራዊ ከሆኑ*፦ አልኮሉ አንሷል ወይም ስሚሩ ወፍሯል። ሌንሱን ወደ ስሱ ጠርዝ ውሰዱ። እዚያ ዘንጎቹ ሮዝ ከሆኑ ችግሩ ውፍረቱ ነው፤ አዲስ ስሚር ሥሩ። ጠርዙም ሐምራዊ ከሆነ አልኮሉን ጨምሩ።

*ሁለቱም ሮዝ ከሆኑ*፦ ወዲያው አልኮሉን አትወንጅሉ። በቅደም ተከተል መርምሩ፦ አዮዲኑ ገርጥቷል ወይ? ከክሪስታል ቫዮሌት በኋላ ብዙ አለቅልቃችኋል ወይ? ስላይዱን አቃጥላችኋል ወይ? ሦስቱም ደህና ከሆኑ አልኮሉን አሳጥሩ። የወጣን ቀለም በዚያው ስላይድ ላይ ለመመለስ አትሞክሩ፤ ከአዲስ ስሚር ጀምሩ።

*የምታውቋቸው ትክክል ሆነው ናሙናው ከተቀላቀለ*፦ ቅርጹን ተመልከቱ። ሐምራዊዎቹና ሮዞቹ በቅርጽና በመጠን ከተለያዩ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ ባህሉን አጥሩና ድገሙ። ቅርጻቸው አንድ ከሆነ ግን ግድግዳውን ጠርጥሩ። የባሲለስና የክሎስትሪዲየም ዘንጎች ሲያድጉ ፔፕቲዶግላይካናቸው ስለሚሳሳ በአንድ ሰንሰለት ውስጥ እንኳ ሐምራዊና ሮዝ ሆነው ይታያሉ። አንድ ጊዜ ለሦስት ቀን የቆየ የባሲለስ ባህል ሰጥተውኝ «ግራም ኔጋቲቭ ዘንግ» ብዬ ጻፍሁ። በማግስቱ ከአዲስ ባህል ስደግመው ጥርት ያለ ሐምራዊ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የባህሉን ዕድሜ ሳልጠይቅ ስላይድ አላነብም።

የግድግዳ ውፍረት የማይገልጻቸው

ማይኮፕላዝማ ጭራሹኑ ግድግዳ የለውም፤ ሐምራዊ ሊሆን አይችልም፣ «ግራም ኔጋቲቭ» ብሎ መመደብም ስለ ውጭ ሽፋኑ የተሳሳተ ነገር መናገር ነው። ማይኮባክቴሪየም ደግሞ ሰም በበዛበት ሽፋኑ የተነሳ ክሪስታል ቫዮሌቱን መጀመሪያውኑ በደንብ አያስገባም፤ ለእርሱ አሲድ የማይበግረው ቀለም ያስፈልጋል። አሲኔቶባክተር ስስ ግድግዳ ያለው ግራም ኔጋቲቭ ሆኖ ሳለ ቀለሙን አጥብቆ የሚይዝበት ጊዜ ስላለ ሰውን ያታልላል።

ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ

ግድግዳውን ያለ ቀለም ፈትሹት። በስላይድ ላይ አንድ ጠብታ 3 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አኑሩ፤ ዓይንና ቆዳ ስለሚጎዳ ጓንትና መነጽር አድርጉ። በዚህ ጊዜ ከስሚሩ በተቃራኒ በርከት ያለ ትኩስ ባክቴሪያ ከጠጣር ባህል ውሰዱና በጠብታው ውስጥ እስከ 60 ሰከንድ አማስሉ፤ በየመሀሉ ሉፑን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱ። ስስ ግድግዳ ያለው ሕዋስ ይፈነዳል፣ ዲኤንኤው ይፈስሳል፣ ጠብታውም እንደ እንቁላል ነጭ ተልጎ ከሉፑ ጋር ክር እየሠራ ይነሳል፤ ይህ ግራም ኔጋቲቭ ነው። ወፍራሙ ግድግዳ ግን ይቋቋማል፤ ጠብታው ውኃ እንደሆነ ይቀራል። ይህ ፈተናና ስላይዱ ካልተስማሙ ሁለቱንም ከ24 ሰዓት ያልበለጠ ባህል ወስዳችሁ ከምታውቋቸው ሁለት ባክቴሪያዎች ጋር ድገሙ፤ እስከዚያ ድረስ ውጤት አትጻፉ።